የፓምፑ ክፍሎች በየተራ እንዲወጡ

«ሰላም ወንድሜ። ለአንዲት የውሃ ፓምፕ መመሪያ በBlender አኒሜሽን እየሠራሁ ነው። ክፍሎቹ በየተራ እንዲወጡ ብፈልግም ሁሉም ከመጀመሪያው ሰከንድ አንድ ላይ መንሸራተት ይጀምራሉ፤ ኢምፔለሩም ሽፋኑን ሰንጥቆ ያልፋል። ቡሎኖቹ ሲፈቱ ደግሞ ወደ ኋላ የሚዞሩ ይመስላሉ። መልሼ ስገጥማቸውም ቦታቸውን ይስታሉ። ምን ይሻላል?»

ሰላም። ገና ከጅምሩ የሚንሸራተቱት ማቆያ ኪፍሬም ስለሌላቸው ነው። ኢምፔለሩ 1ኛው ፍሬም ላይ አንድ ኪፍሬም፣ 240ኛው ላይ ሌላ ብቻ ካለው፣ ፕሮግራሙ በመሃል ያለውን ሁሉ በጉዞ ይሞላዋል። ስለዚህ ሽፋኑ ሳይነሳ ኢምፔለሩ መንገድ ጀምሯል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ 240 ላይ ያለውን ኪፍሬም አጥፋ፣ ክፍሉ ወደተገጠመበት ይመለሳል። ከዚያ ጉዞው እንዲጀምር የምትፈልግበት ፍሬም ላይ ሂድ፣ ለምሳሌ 205። ክፍሉ የተገጠመበት ቦታ ላይ እያለ አይጡን Location ላይ አድርገህ I ተጫን። ከዚያ 240 ላይ ሄደህ ክፍሉን አውጣና እንደገና I። 1ኛው ፍሬም ላይ ያለው ኪፍሬም እንዳለ ይቆያል። በትክክል ከሠራኸው Dope Sheet ውስጥ ከ1 እስከ 205 ድረስ ሁለቱን ኪፍሬሞች የሚያገናኝ አሞሌ ታያለህ። አሞሌው ከሌለ ክፍሉ በሆነ መንገድ ተንቀሳቅሷል፤ ዋጋውን እንደገና እይ።

ቅደም ተከተሉን ጋራዥ ውስጥ እጅህ ከሚሠራው አትለየው። በ24 ፍሬም በሰከንድ እንዲህ አስበው። እስከ 24 ፓምፑ እንደተገጠመ ይታያል። ከ25 እስከ 72 የሽፋኑ ቡሎኖች ይዞራሉ፣ እስከ 96 ተስበው ይወጣሉ። ከዚያ ግማሽ ሰከንድ ምንም አይንቀሳቀስም፤ ይህቺን እረፍት አትዝለላት፣ ተመልካቹ ምን እንደወጣ የሚያየው እዚያ ላይ ነው። ከ109 እስከ 144 ሽፋኑ፣ ከ157 እስከ 192 የኢምፔለሩ ዳዶ፣ ከ205 ጀምሮ ኢምፔለሩ ራሱ። ሁሉም በሻፍቱ መስመር ይወጣሉ፤ ቀድሞ የወጣው ግን ከኋላው ከሚመጣው ርቆ መቆም አለበት። አለበለዚያ ኢምፔለሩ ዳዶውን ይበሳዋል።

አንድ ክፍል ብቻ ከዚህ መስመር ይወጣል፦ ኢምፔለሩ ሻፍቱ ላይ ለብቻው እንዳይዞር የምትይዘው ትንሿ ቁራጭ ብረት፣ ኪይ የምንላት። እሷ የተቀመጠችው የሻፍቱ ጎድጓዳ ውስጥ ስለሆነ ወደ ላይ ተነስታ ነው የምትወጣው። እሷንም ከሌሎቹ ጋር በሻፍቱ መስመር ካንሸራተትካት፣ ቪዲዮውን አይቶ የሚፈታ ሰው በመዶሻ ወደ ጎን ሊገፋት ይሞክራል። እንዲህ ያለ መመሪያ ማየት በጣም ያናድደኛል።

ወደ ቡሎኖቹ እንምጣ። ባለ ስድስት ጎን ጭንቅላት በየ60 ዲግሪው ራሱን ይመስላል። በአንድ ፍሬም ከ30 ዲግሪ በላይ ካዞርከው ዓይን አቅጣጫውን ይስታል፤ ልክ 60 ከሆነ ጭራሽ የቆመ ይመስላል። ያንተ ቡሎኖች ወደ ኋላ የሚሄዱ የሚመስሉት ለዚህ ነው። ጥርሱን በሙሉ ለማስፈታት አትሞክር። ሁለት ዙር በ48 ፍሬም፣ ማለትም በፍሬም 15 ዲግሪ፣ ይበቃል። ከዚያ ቀጥ አድርገህ ሳበው፤ ሰው ይገባዋል። መደበኛ M8 ቡሎን በአንድ ዙር 1.25 ሚሊሜትር ስለሚወጣ በሁለቱ ዙር 2.5 ሚሊሜትር ይጓዛል። የሁለቱን ዙሮች ኪፍሬሞች መርጠህ T ተጫንና Linear አድርጋቸው፣ መዞሩና መውጣቱ እኩል ይሄዳሉ። አቅጣጫው ከጭንቅላቱ በኩል ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ነው። የኢምፔለሩን ዳዶ ግን ከሥዕሉ አረጋግጥ፤ አንዳንድ ፓምፕ ላይ ጥርሱ ግራ ነው።

ሞዴሉን በglTF ካስገባኸው አንድ ነገር ልብ በል። ክፍሎቹ Quaternion ሆነው ይመጣሉ፣ በዚያ ደግሞ ሁለት ዙር ብታዘው ቡሎኑ ንቅንቅ አይልም። Rotation Mode ላይ ወደ XYZ Euler ቀይረው። እንደተጣመመ ጎማ እየዋለለ ከዞረ ደግሞ ኦሪጂኑ መሃሉ ላይ አይደለም፤ Set Origin ውስጥ Origin to Center of Mass (Volume) ያስተካክለዋል።

መልሶ መግጠሙን እንደ አዲስ በእጅህ አታንቀሳቅስ፣ ቦታ የሚስተው በዚህ ነው። መፍታቱን በPNG ምስሎች ሬንደር አድርግ፣ Video Editing ውስጥ አስገባና Reverse Frames ላይ ምልክት አድርግ። ሁሉም በትክክል ወደነበረበት ይመለሳል፤ ቡሎኑም ራሱ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ይዞራል። ጽሑፍና ቀስት የምትጨምረው ከዚህ በኋላ ነው። እረፍት ላይ ያሉትን ምስሎች ደግሞ ለሚታተመው መመሪያ ትወስዳቸዋለህ።

ከሽፋኑ ሥር ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው ጓርኒሲዮን ላይ ግን መገልበጡ አይሠራም። ሲፈታ የወጣው አሮጌው ነው፣ ሲገጠም የሚገባው አዲስ መሆን አለበት። የተገለበጠውን ቪዲዮ ሽፋኑ ከመመለሱ በፊት ቁረጠው፤ አሮጌው ከምስሉ ሲወጣ፣ ቦታው ሲጸዳና አዲሱ ሲገባ የሚያሳይ አጭር ክፍል ለብቻው ሠርተህ መሃል ላይ አስገባ።