ከመፈረምዎ በፊት ባልዲ ይዘው ይግቡ

ጥያቄ፦ «ደሴ ላይ ቤት በኮንትራት አሠራሁ። ውላችን 1,800,000 ብር ነው፤ ያልከፈልኩት 180,000 ብር ቀርቷል። ኮንትራክተሩ “አልቋል፣ ገንዘቡን ስጠኝና ርክክቡን ፈርምልኝ” ይለኛል። ሳየው ደህና ይመስላል። ልፈርም?»

መልስ፦ አብሽሩ፣ ገንዘቡ ገና እጅዎ ላይ ነው። ዛሬ ግን አይፈርሙ።

አደጋው «ያለ ጉድለት ተረክቤያለሁ» የምትለዋ መስመር ናት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩን ከርክክብ በኋላ ለ10 ዓመት ተጠያቂ ያደርገዋል። በአሠራር ጉድለት ወይም በመሬቱ ጠባይ ቤቱ ቢጎዳ ኃላፊው እሱ ነው። ይህን ጊዜ በውል ማሳጠርም አይቻልም። በዓይን የሚታየውን ጉድለት ግን ዝም ብለው ከተረከቡ በኋላ መከራከር ከባድ ነው።

አንድ ደንበኛዬ በበጋ ተረክቦ ፈረመ። ሐምሌ ሲገባ ከሻወሩ ጀርባ ያለው የመኝታ ቤት ግድግዳ ከዞኮሎው በላይ ረጠበ። ኮንትራክተሩ ያቺን ፊርማ አወጣ። «አጠቃቀማችሁ ነው» አለ። ክርክሩ ውሃው ከየት መጣ የሚል ሆነና ለባለሙያ ምርመራ የወጣው ገንዘብ ከጥገናው አይተናነስም ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ሻወር ቤት ይግቡ። አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ ያፍሱ። ውሃው ጥግ ላይ ከተኛ ተዳፋቱ ልክ አይደለም። ቀጥሎ የፍሳሹን አፍ በላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ይድፈኑትና ውሃ ያቁሩበት፤ ሁለት ጣት ያህል ይበቃል። ከፍታውን በእርሳስ ምልክት አድርገው 24 ሰዓት ይተዉት። በግልጽ ከቀነሰ ወይም ከጀርባ ያለው ግድግዳ ከረጠበ ይሰርጋል ማለት ነው። ሴራሚኩንም በሳንቲም ያንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሥሩ ሲሚንቶ አልደረሰውም።

ጣሪያው ላይ ደግሞ ክረምት አይጠብቁ። በጎማ ውሃ ይልቀቁበትና ኮርኒሱንና አሸንዳውን ይዩ።

ስንጥቅን በተመለከተ፣ ልስን ላይ ያለ የፀጉር ያህል መስመር ብዙም አያስጨንቅም። ከመስኮት ማዕዘን ሰያፍ የወጣ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ከሆነ ግን መሐንዲስ ይጥሩ። ደሴ ተዳፋት ናት፤ ግማሹ በተቆረጠ፣ ግማሹ በተሞላ መሬት ላይ ያረፈ ቤት አንድ ጎኑ ሊሰጥም ይችላል።

ያገኙትን ሁሉ በየክፍሉ ይጻፉ፣ ፎቶ ያንሱ። ኮንትራክተሩ ባለበት ሁለታችሁም ፈርሙ። የርክክብ ወረቀቱ ላይ «ከተያያዘው ዝርዝር ጉድለቶች በስተቀር ተረክቤያለሁ፤ በ15 ቀን ይስተካከላሉ» ይበሉ። አልፈርምም ካለ ዝርዝሩን ቀን ከሰጡበት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጋር ይላኩለት፣ መድረሱንም ያስፈርሙ። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 1772 «ውሉ አልተፈጸመልኝም» የሚል ወገን መጀመሪያ እንዲያስጠነቅቅ ይጠይቃል፤ ያለዚያ ፍርድ ቤት ሲሄዱ «መቼ ጠየቀኝ?» ይልዎታል።

180,000ውን በሙሉ ይዘው እምቢ አይበሉ። ጥገናው በሌላ ባለሙያ ግምት 60,000 ብር ከሆነ ያንን ይያዙና 120,000ውን ይክፈሉ። ለአንድ የበር እጀታ ሁሉን መያዝ ዳኛ ፊት እርስዎን ጥፋተኛ ያስመስላል።