አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፦ ግን የማን ባንዲራ ነው?

የተጣጠፈ ወይም ግማሹ የተቆረጠ ባንዲራ ያለበትን ፎቶ እያየሁ የማን እንደሆነ መለየት የቆየ ሥራዬ ነው። ከሰው የሚመጣልኝ ጥያቄ አብዛኛው ስለ ሦስቱ ቀለማችን ነው። እነዚህን ቀለማት የሚጋሩ አገሮች ብዙ ስለሆኑ አይገርመኝም። የሰሞኑን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ከአዳማ፦ አረንጓዴው ከላይ ከሆነ የኢትዮጵያ፣ ቀዩ ከላይ ከሆነ የቦሊቪያ ነው። ይሄ ምኑ ያስቸግራል?

ባንዲራው ከሰንደቁ ላይ በወጉ ሲውለበለብ ልክ ነህ። የቦሊቪያ ከ1851 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ነው። የጋናም ቀዩ ከላይ ነው፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ኮከብ አለው። ችግሩ ፎቶ ውስጥ ያለ ባንዲራ ሁልጊዜ በወጉ አይሰቀልም። ሰው ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል፣ ግድግዳ ላይ ወደ ታች ያንጠለጥለዋል፣ ተዘቅዝቆም ይያዛል። ያኔ "ከላይ" የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው በሰንደቁ በኩል ያለውን ጠርዝ ነው። እዚያ ጋ ብዙውን ጊዜ ገመድ የሚገባበት ወፍራም ነጭ ጨርቅ ወይም የብረት ቀለበት ይኖራል። ሦስቱም ቀለማት እዚያ ጠርዝ ላይ ከደረሱ ባንዲራው አግድም ነው። አንድ ቀለም ብቻ ጠርዙን ተከትሎ ከወረደ ደግሞ እንደ ማሊና እንደ ጊኒ ቁም ነው።

ከዋሽንግተን አካባቢ፦ የእህቴ ሠርግ ፎቶ ላይ፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ ግድግዳው ላይ ባንዲራ ተንጠልጥሏል። አረንጓዴው በግራ፣ ቢጫው መሐል፣ ቀዩ በቀኝ ነው። ዓርማ የለውም፣ ታችኛው ክፍል በወንበር ተሸፍኗል። አንድ ዘመድ "ይሄማ የማሊ ነው" ብሎ ደረቀ። ነው እንዴ?

የላክሽውን ፎቶ በማስመሪያ ለካሁት። ቢጫው ወርዱ 4 ሴንቲሜትር ነው። ከላይኛው ጫፍ እስከ ወንበሩ ድረስ የሚታየው ርዝመቱ 15 ሴንቲሜትር ነው። ርዝመቱን ለወርዱ ስናካፍል 3.75 ይመጣል። ቁልፉ ይሄ ቁጥር ነው።

የማሊ ባንዲራ ቁመቱ 2 ከሆነ ርዝመቱ 3 ነው፤ ይሄ ርዝመት ለሦስት ቀለማት ይከፈላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀለም ቁመቱ የወርዱ እጥፍ ብቻ ነው። የአንቺ ፎቶ ላይ ገና ሳያልቅ 3.75 ደርሷል። ስለዚህ ማሊ አይደለም፤ አግድም የሆነ ባንዲራ ዞሮ ተሰቅሎ ነው።

የኢትዮጵያ ባንዲራ 1 ለ2 ስለሆነ እያንዳንዱ ቀለም ርዝመቱ የወርዱ ስድስት እጥፍ ነው። የጋና አራት ተኩል፣ የቦሊቪያ 4.4 አካባቢ ይሆናል። ጋና ቢሆን ኖሮ ኮከቡ መሐሉ ላይ፣ ማለትም ከላይኛው ጫፍ 9 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይታይ ነበር። የለም። የቀሩት ዓርማ የሌለው የኢትዮጵያና ዓርማ የሌለው የቦሊቪያ ናቸው። እዚህ ላይ የቀለም ቅደም ተከተሉ አይረዳንም፤ ተንጠልጥሎ ፊቱን ይሁን ጀርባውን እንደሚያሳይ አናውቅምና።

አንድ ጥንቃቄ። ወርዱን ስትለኪ ጨርቁ ያልተጨማደደበትን ቦታ ምረጪ። የቢጫው ሁለቱም ስፌት መታየት አለበት። ወርዱ ታጥፎ ከጠበበ ቁጥሩ ያለአግባብ ያድጋል። ርዝመቱ ቢታጠፍ ግን ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ እሱ ብዙ አያሳስብም።

ያችው ጠያቂ፦ ሌላ ፎቶ አገኘሁ፤ ወንበሩ ተነስቶ ሙሉው ይታያል። ቢጫው 3 ሴንቲ፣ ርዝመቱ 17 ነው።

5.7 መጣ። ፎቶው ትንሽ ከታች ወደ ላይ ስለተነሳ ርዝመቱን አሳጥሮታል፤ ለስድስት ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ ነው እላለሁ። አምስት ቢሆን ኖሮ ግን አፌን ሞልቼ አልናገርም ነበር። አሜሪካ የሚሸጡ ባንዲራዎች ብዙዎቹ የማንም አገር ይሁኑ በ3 ለ5 ልክ ነው የሚሰፉት፤ ያኔ የቦሊቪያውም የእኛም አምስት ይሆናል። መጠኑ አግድሙን ከቁሙ በደንብ ይለያል። አገርን ከአገር የሚለየው ግን ጨርቁ በሕጉ ልክ ከተሰፋ ብቻ ነው።

ከሐዋሳ፦ ዓርማ የሌለው ባንዲራ መስቀል ይፈቀዳል አይፈቀድም? እሱን ንገረን።

እሱ የሕግ ጥያቄ ነው፤ እዚህ የያዝነው ፎቶ ላይ ያለውን መለየት ነው። ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚገናኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዓርማ የሌለው ባለሦስት ቀለም በተለያየ ዘመን ተሰቅሏል፤ ዛሬም ይታያል። ስለዚህ ዓርማ አለመኖሩ ብቻውን ፎቶው የመቼ እንደሆነ አይነግርህም።

ከበርሊን፦ እኔ ጋ ያለው ፎቶ የተጠቀለለ ጨርቅ ነው። ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ተሰፍተው ይታያሉ፣ ሌላ ምንም የለም።

ይሄ ከሚመስልህ በላይ ይናገራል። የኢትዮጵያ፣ የቦሊቪያ፣ የጋና፣ የማሊ፣ የጊኒና የሴኔጋል ባንዲራ ቢጫው መሐል ነው። ቀዩና አረንጓዴው አይነካኩም። የሚነካኩት ለምሳሌ በሊትዌኒያ ነው፤ ከላይ ቢጫ፣ መሐል አረንጓዴ፣ ከታች ቀይ። በምያንማርም እንዲሁ ነው፤ እሱ ግን ትልቅ ነጭ ኮከብ አለው። በካሜሩን ቀዩ መሐል ስለሆነ አረንጓዴውንም ቢጫውንም ይነካል። በቤኒን ደግሞ አረንጓዴው ቁም ሆኖ ቢጫውና ቀዩ ከጎኑ ተደራርበዋል።

ግን አንድ ነገር አጣራ፦ በመሐላቸው ስፌት አለ ወይስ እጥፋት? ቢጫው ወደ ውስጥ ታጥፎ ከተደበቀ ሁለቱ የተነካኩ ይመስላሉ። ስፌት ቀጥ ያለና ጠፍጣፋ ነው። እጥፋት ግን ጥላ ይጥላል፣ ጫፉ ላይም ይከፈታል።

ከድሬዳዋ፦ ቢጫው ላይ የሰማያዊ ቅስት ጫፍ ይታያል። ይበቃል?

ቅስቱ ወደ አረንጓዴው ወይም ወደ ቀዩ ከገባ ይበቃል። የእኛ ሰማያዊ ክብ ከቢጫው ወርድ ይበልጣል፤ ሁለቱንም ወገን ይነካል። በውስጡ ያለው ኮከብ በመስመር የተሠራ ነው እንጂ የተሞላ አይደለም፤ በጫፎቹ መሐል ደግሞ ጨረር አለ። የጋናው ጥቁር ኮከብ ከቢጫው አይወጣም። የሴኔጋሉ አረንጓዴ ኮከብም እንዲሁ።

ከአዲስ አበባ፦ ለስብሰባ የጊኒን የጠረጴዛ ባንዲራ አዝዤ "ይሄ የማሊ ነው" ተባልኩ። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ "ትክክል ነው" አለኝ። ማን ተሳሳተ?

ምናልባት ማንም አልተሳሳተም። የጊኒ ቀዩ በዘንጉ በኩል ነው፣ የማሊ ደግሞ አረንጓዴው። የጊኒን ከጀርባ ስታየው ከግራ ወደ ቀኝ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይሆናል፤ ቁርጥ ማሊ። ፎቶ እንደ መስታወት ሲገለበጥም ያው ነው። ግራና ቀኙን ትተህ ዘንጉን የነካውን ቀለም እይ።

ከጎንደር፦ የአያቴ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው። ከኋላው የተጣጠፈ ባንዲራ አለ። ቀለም በሌለበት ምን ይደረጋል?

እዚህ ቀለም ላይ አትመኩ። ቀይና አረንጓዴ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ተመሳሳይ ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀይን የማያይ የድሮ ፊልም ከሆነ ደግሞ ቀዩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ፈካ ያለው መሐሉ ላይ መሆኑ ብቻ ይረዳል።

በላኩልኝ ቅጂ ላይ በእጥፋቱ ውስጥ የእንስሳ እግርና ጅራት የሚመስል ነገር አየሁ። አንበሳ ከሆነ ራሱን ማየት ያስፈልጋል። ዘውድ ከደፋ ባንዲራው ከ1966ቱ አብዮት በፊት የነበረው ዓይነት ነው። ራሱ ያለበት ቦታ ግን እጥፋቱ ውስጥ ገብቷል። ዋናው ፎቶ ካለዎት በብርሃን አቅጣጫ ትንሽ አዘንብለው እንደገና ያንሱልኝ። የዘውዱ ጫፍ ከወጣ ነገሩ ይለያል፤ እስከዚያው የየትኛው ዘመን እንደሆነ አልወስንም።