ጭዱ በላሟ ሆድ ውስጥ ምን ይሆናል? ማመስኳትስ ለምን ያስፈልጋታል?

«ላሜ የጤፍ ጭድ ትበላና ተኝታ ለሰዓታት ታመሰኳለች። ያን ያህል ደረቅ ነገር ሆዷ ውስጥ ምን ይሆናል? ጭዱን በወፍጮ አስፈጭቼ ብሰጣትስ ከድካሙ አላሳርፋትም?»

አስፈጭተው አይስጧት። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን አንድ ጉርሻ ጭድ ከአፏ ተነሥቶ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። ለዓመታት የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ዛሬም ጥቂት የወተት ላሞች አሉኝ። ስለ ላም ሆድ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ መልሳቸው የሚገኘው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

የጭድ ዋና አካል ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ በውስጡ ብዙ ኃይል ይዟል፤ ነገር ግን የላም አካል ሴሉሎስን የሚበትን ኢንዛይም አያመርትም፤ የእኛም አያመርትም። ይህን ሥራ የሚሠሩላት በጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። ጨጓራው ከአራቱ የሆድ ክፍሎች እጅግ ትልቁ ሲሆን፣ በሙሉ ዕድሜ ላይ ባለች ድቅል ላም ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል፤ የሆዷን ግራ ጎን ከሞላ ጎደል ብቻውን ይሞላዋል። ውስጡ ወደ 39 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት አለው፤ ኦክስጅን የለበትም ማለት ይቻላል። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከእነሱም ጋር ፕሮቶዞዋና ፈንገስ አብረው ይኖራሉ። እነዚህ በጭዱ ላይ ተጣብቀው ሴሉሎሱን ይበትኑና ለራሳቸው ከተጠቀሙ በኋላ አሲዶችን ያስወጣሉ። ከአሲዶቹ ዋናው በኮምጣጤ ውስጥ የምናውቀው አሴቲክ አሲድ ነው። አሲዶቹ በጨጓራው ግድግዳ በኩል በቀጥታ ወደ ደሟ ይገባሉ፤ ላሟ ከምታገኘው ኃይል 70 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከእነዚሁ ነው። አሴቲክ አሲድ ደግሞ የወተት ቅባት የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ስለሆነ፣ ሳርና ጭድ ያነሳት ላም ወተት ቅቤው ይቀንሳል። በሂደቱ የሚፈጠረውን ጋዝ፣ በተለይም ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን፣ ላሟ ቀኑን ሙሉ በማግሳት ታስወጣዋለች። ማግሳት ካልቻለች ሆዷ ይነፋል፤ ይህም በሰዓታት ውስጥ ሊገድላት ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉን ነገር ተሕዋስያኑ የሚሠሩት ከሆነ መልሶ ማኘክ ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው በጭዱ አሠራር ላይ ነው። የጤፍ አገዳ የውጭ ቆዳው ልሙጥና በሰም የተሸፈነ ስለሆነ ባክቴሪያዎቹ ከውጭ በኩል ሊገቡበት አይችሉም፤ የሚገቡት በተቆረጠው ጫፍና በተሰነጠቀው ጎን ብቻ ነው። ላሟ ስትበላ ደግሞ ጭዱን እምብዛም አታኝከውም፤ በምራቅ አርሳ፣ ሊዋጥ እስኪችል ጠቅልላ ትውጠዋለች። የተዋጠው ረጅም ጭድ በጨጓራው ውስጥ ባለው ፈሳሽ ላይ ተንሳፍፎ ወፍራም ንጣፍ ይሠራል። ከንጣፉ በላይ ጋዝ፣ ከሥሩ ደግሞ ፈሳሹና የደቀቀው ነገር አለ። ጨጓራው በየደቂቃው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እየተኮማተረ ይህን ሁሉ ያገላብጠዋል።

ከጨጓራው ፊት፣ ከልብ አጠገብ፣ ሁለተኛው ክፍል ይገኛል። ውስጡ የማር እንጀራ የመሰለ ስድስት ጎን ያለው መረብ ስለሆነ ቄራ የሠራ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ላሟ ልታመሰኳ ስትል ይህ ክፍል ከተለመደው ውጭ አንድ ተጨማሪ ጊዜ ይኮማተራል፤ በዚያው ቅጽበት ጉሮሮዋን ዘግታ ወደ ውስጥ ስለምትስብ፣ ከንጣፉ የተነሣ አንድ ጉርሻ ከፈሳሽ ጋር ወደ ላይ ይወጣል። ይህን በዐይን ማየት ይቻላል። ከተኛች ላም አጠገብ ቀመጥ ብለው አንገቷን ቢመለከቱ አንድ እብጠት ከታች ወደ ላይ ፈጥኖ ሲሮጥ ያያሉ። ወዲያው የወጣውን ፈሳሽ ጨምቃ ትውጥና ደረቁን ብቻ አስቀርታ፣ መንጋጋዋን ወደ ጎን እያንሸራተተች በዝግታ ታኝከዋለች። ለአንድ ጉርሻ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 70 ጊዜ ታኝካለች፤ ይህም አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ትውጠዋለች፣ ለጥቂት ሴኮንዶች ታርፋለች፣ ሌላ እብጠት ደግሞ ይወጣል። ጭድ የምትበላ ላም በዚህ ሁኔታ በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት ልታሳልፍ ትችላለች፤ አብዛኛውም ሌሊት ተኝታ ነው። ከአውሬ ለማምለጥ ፈጥና በልታ ተደብቃ የምታኝክበት ዘዴ ነው የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አውሬ በማይደርስበት በረት ውስጥ ያለችው ላምም ይህን ሥራ ልትተወው አትችልም፣ ብትተወው ትታመማለች።

ለመታመሟ ምክንያቱ ምራቅ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው አሲዶች ሌት ተቀን ስለሚመረቱ አንድ ነገር ካልመከታቸው ጨጓራው በአጭር ጊዜ ይኮመጥጥና ሴሉሎስ የሚበትኑት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ያቆማሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚመቻቸው ፒኤች፣ ማለትም አሲዱ ሲበዛ ቁጥሩ የሚወርደው መለኪያ፣ ከ6 እስከ 7 ባለው ክልል ሲሆን ነው። የላም ምራቅ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን ባይካርቦኔት በብዛት ስለያዘ አሲዱን ያለዝበዋል። ጥሩ የምታልብ ትልቅ ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ታመነጫለች፤ ከዚህም ብዙው የሚወጣው ስትበላና ስታመሰኳ ነው። እንድታመሰኳ የሚቀሰቅሳት ደግሞ ረጅሙ ጭድ የጨጓራዋን ግድግዳ ሲቧጭር ነው።

እንግዲህ ወፍጮው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። የተፈጨ ጭድ ንጣፍ አይሠራም፣ ግድግዳውንም አይቧጭርም። ላሟ አታመሰኳም፤ ባታመሰኳ ምራቋ ያንሳል። ከዚህም ሌላ ዱቄት የሆነው ጭድ ገና ባክቴሪያዎቹ ሳይሠሩበት ከጨጓራው ሾልኮ ይወጣል። በተለመደው ሁኔታ ከጨጓራው ወደ ሦስተኛው ክፍል የሚያሳልፈው ቀዳዳ የሚፈቅደው እየታኘከና እየተበተነ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ እስኪሆን ድረስ ደቅቆ የሰጠመውን ነው። ረጅሙ ጭድ ለዚህ እስኪበቃ ሁለት ቀንና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። መቆየቱም ለላሟ ጥቅም ነው።

ሦስተኛው ክፍል ሁላችንም የምናውቀው ሽንፍላ ነው፤ እንደ ቅጠል በተደራረቡት እጥፋቶቹ መካከል ውኃውንና ማዕድናቱን ይመጥጣል። አራተኛው ከእኛ ሆድ ጋር የሚመሳሰል ሲሆን ጠንካራ አሲድና ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ያመነጫል። በዚህ ክፍል የሚፈጨው ዋናው ነገር ከጭዱ ጋር እየፈሰሱ የሚመጡት ተሕዋስያን ራሳቸው ናቸው፤ ላሟ ከምታገኘው ፕሮቲን ብዙው የእነሱ አካል ነው። ስለዚህ እነሱ ሳይራቡ መባዛት አለባቸው። ጭድ ብቻውን ለዚህ አይበቃም፤ የጤፍ ጭድ ከስንዴና ከገብስ ጭድ የተሻለ ቢሆንም ፕሮቲኑ ተሕዋስያኑ ከሚፈልጉት ከ100 እጅ 7 ያህል በታች ነው። ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ሲጨመርበት ጭዱም ራሱ በተሻለ ሁኔታ ይፈጫል፤ ላሟም ብዙ ትበላለች። ሊግኒን የሚባለው እንጨታማው ክፍል ግን በምንም ዓይነት ማኘክ አይፈታም፤ ኦክስጅን በሌለበት ጨጓራ ተሕዋስያኑ ሊበትኑት ስለማይችሉ ከእበት ጋር ይወጣል።

የተፈጨ መኖ የሚያስከትለውን በአንድ ጎረቤቴ ላም ላይ በቅርብ አይቻለሁ። ድቅል ላም ነበረች፣ በቅርብ የወለደች። ወተቷን ለመጨመር ብሎ ጭዱን ከበቆሎ ጋር አስፈጭቶ፣ ፍሩሽካ ቀላቅሎ፣ ረጅም ጭድና ድርቆሽ ማቅረቡን ተወ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወተቱ በርግጥ ጨመረ። ከዚያ ቅቤው ቀጠነ፣ መኖዋን አንድ ቀን ትበላለች፣ በማግሥቱ ትተዋለች፤ እበቷ ቀጭን፣ ግራጫ፣ አረፋ ያለበትና ኮምጣጣ ሽታ ያለው ሆነ። በመጨረሻ ማመስኳቷን ፈጽሞ አቆመች። በቆሎ የያዘው ስታርች ከሴሉሎስ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ወደ አሲድ ይቀየራል፤ ምራቅ በሌለበት ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዛሉ፣ ጨጓራውም መኮማተሩን ያቆማል። ሁኔታው ከባሰ ጨጓራው ውኃን ከደሟ ስለሚስብ ላሟ ዐይኗ ይጎደጉዳል፣ መቆም ያቅታታል።

የመጣው ሐኪም በቆሎውን አስቁሞ ድርቆሽ ብቻ አስቀረበ፣ በክብደቷ መጠን ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጦ አጠጣት። ቀጥሎም በዚያው ቀን ከታረደ ጤነኛ በሬ የተወሰደ ፈርስ በጨርቅ ተጨምቆ፣ ፈሳሹ ሳይቀዘቅዝ በቱቦ ወደ ጨጓራዋ እንዲገባ አደረገ። ይህ ባዕድ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ዓላማው ግን ያለቁባትን ተሕዋስያን መተካት ነው፤ ቢቀዘቅዝና አየር ቢበዛበት ስለሚሞቱ መቸኮል ያስፈልጋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማመስኳት ጀመረች፤ ወተቷ ግን ለመመለስ ሳምንታት ወሰደበት።

የእርስዎ ላም ለሰዓታት ማመስኳቷ እንግዲህ ጥሩ ምልክት ነው። ለማረጋገጥ ተኝታ ሳለ አንዱን ጉርሻ ስንት ጊዜ እንደምታኝክ ይቁጠሩ፤ በተደጋጋሚ ከ40 በታች ከሆነ ረጅም መኖ አንሷታል። እንዲሁም በግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በስተኋላ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ጭብጥዎን ጫን አድርገው ሁለት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ጨጓራው ሲኮማተር እጅዎን ገፋ ያደርገዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ካልገፋ፣ ወይም ቦታው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ካገኙት ሐኪም ይጥሩ፤ የተወጠረ ከሆነ ለነገ አያቆዩት። ጭዱን ማሳጠር ከፈለጉ ከጣት ርዝመት ሳያሳንሱ በማጭድ ይቁረጡት፤ የሚባክነውና የምትረግጠው ይቀንስልዎታል፣ ማመስኳቷንም አይነካባትም።