ከራሳችሁ ዕቅድ በፊት የተጋጣሚያችሁን ዕቅድ ፈልጉ

ውድ ወጣት የቼዝ ተጫዋቾች፣

የተጫወታችሁትን ጨዋታ ይዛችሁ ወደ እኔ ስትመጡ አስቀድሜ የምጠይቃችሁ ስለ እናንተ ዕቅድ ሳይሆን፣ በዚያ ሰዓት ተጋጣሚያችሁ ምን ማድረግ ይፈልግ እንደነበር ነው። ስለ ራሳችሁ ሐሳብ የሦስትና የአራት እርምጃ ትንታኔ ሳትቸገሩ ታቀርባላችሁ፤ ይህን ጥያቄ ስትሰሙ ግን አብዛኞቻችሁ ዝም ትላላችሁ። ጨዋታው መበላሸት የጀመረውም ብዙውን ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የቼዝ ሰዎች ፕሮፊላክሲስ ስለሚሉት ነገር ብቻ ይሆናል፤ ይኸውም የተጋጣሚን ምርጥ ዕቅድ ለይቶ ካስቆሙ በኋላ ወደ ራስ ዕቅድ መሄድ ነው። አሮን ኒምዞቪች በ1920ዎቹ ይህን አስተሳሰብ በስፋት ጽፎበታል፤ የዓለም ሻምፒዮን የነበሩት ቲግራን ፔትሮስያንና አናቶሊ ካርፖቭ ደግሞ በጨዋታዎቻቸው ከፍ ወዳለ ደረጃ አድርሰውታል። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በቅድሚያ ዛቻንና ዕቅድን እንድትለዩ እፈልጋለሁ። ዛቻ ማለት ተጋጣሚያችሁ በሚቀጥለው እርምጃ የሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ ፈረሳችሁን ሊበላ ወይም ማት ሊያደርጋችሁ ሊሆን ይችላል። ይህን ማየት የማንኛውም ተጫዋች ግዴታ ስለሆነ እዚህ አልቆይበትም። ዕቅድ ግን ዛሬ ምንም አይነካባችሁም፤ ከአምስትና ከስድስት እርምጃ በኋላ ግን የእርሱ ጓዶች በደህና ቦታ ላይ ተቀምጠው፣ የእናንተ ብልጫ ደግሞ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። ዕቅዱን ለማወቅ እኔ የማስተምረው መንገድ ቀላል ነው፤ ተራው የእናንተ ሆኖ ሳለ ምንም ሳታንቀሳቅሱ ተራውን ለእርሱ እንደሰጣችሁት አድርጋችሁ አስቡ። በእርሱ ወንበር ተቀምጣችሁ የትኛው ጓዱ በጣም እንደተቸገረ፣ የትኛውን ጓድ ለመለዋወጥ እንደሚፈልግ፣ የትኛውንስ ወታደር ገፍቶ ሰሌዳውን ሊከፍት እንደሚችል ተመልከቱ። ለሦስቱ ጥያቄዎች የምታገኟቸው መልሶች አንድ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያመለክቱ ከሆነ፣ ዕቅዱን አግኝታችኋል ማለት ነው።

ለዚህ ከማውቃቸው ጨዋታዎች ሁሉ የተሻለ ምሳሌ የሚሆነኝ፣ በ1974 በፈረንሳይ ኒስ ከተማ በተካሄደው የቼዝ ኦሊምፒያድ ካርፖቭ ከምዕራብ ጀርመኑ ቮልፍጋንግ ኡንዚከር ጋር ያደረገው ጨዋታ ነው። ካርፖቭ ያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት ነበር፤ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ኡንዚከር በሙያው ዳኛ ቢሆንም በዘመኑ ከጀርመን ጠንካራ ተጫዋቾች አንዱ ነበር፤ የተጫወቱትን የስፓኒሽ መክፈቻም ጠንቅቆ ያውቀው ነበር።

ሰሌዳ አቅርባችሁ ከ23ኛው እርምጃ በኋላ ያለውን አቀማመጥ ደርድሩ። የነጩ ንጉሥ g1 ላይ፣ ንግሥቱ d2 ላይ፣ ሩኮቹ a2 እና e1 ላይ፣ ቢሾፖቹ b1 እና e3 ላይ፣ ፈረሶቹ f3 እና g3 ላይ ናቸው፤ ወታደሮቹ b4፣ c3፣ d5፣ e4፣ f2፣ g2 እና h3 ላይ ቆመዋል። የጥቁሩ ንጉሥ g8 ላይ፣ ንግሥቱ d8 ላይ፣ ሩኮቹ a8 እና c8 ላይ፣ ቢሾፖቹ d7 እና f8 ላይ፣ ፈረሶቹ b7 እና f6 ላይ ናቸው፤ ወታደሮቹ b5፣ c4፣ d6፣ e5፣ f7፣ g6 እና h7 ላይ ቆመዋል። ተራው የነጩ ነው።

ነጩ ሰፊ ቦታ እንደያዘ ወዲያው ይታያል። d5 ላይ ያለው ወታደር የጥቁሩን ግዛት ከሁለት ከፍሎ አጥብቦታል። የጥቁሩ የb7 ፈረስም ወደፊት መሄጃ የለውም፤ a5 እና c5ን የነጩ የb4 ወታደር ይጠብቃቸዋል፤ d6 ላይ የራሱ ወታደር ቆሟል፤ የቀረው መውጫ ወደ ኋላ d8 ብቻ ነው፤ እሱንም ለጊዜው የራሱ ንግሥት ይዞበታል። የነጩ ዕቅድ ደግሞ ግልጽ ነው፤ የf ወታደሩን ገፍቶ በንጉሡ በኩል ማጥቃት ነው። አብዛኞቻችሁ እዚህ ብትቀመጡ ፈረሱን ከf3 ወደ h2 ወስዳችሁ የf ወታደሩን መንገድ ወዲያው እንደምትከፍቱለት አልጠራጠርም።

አሁን ተራውን ለጥቁሩ ስጡት። ቦታ የጠበበው ተጫዋች የሚፈልገው ጓዶችን መለዋወጥ ነው፤ ጓዶቹ ባነሱ ቁጥር ያለው ጠባብ ቦታ ይበቃዋልና። በሰሌዳው ላይ ያለው ብቸኛ ክፍት አምድ የa አምድ ነው፤ በዚያ አምድ ላይም የሁለቱ ወገን ሩኮች ፊት ለፊት ተያይተዋል። ስለዚህ ጥቁሩ a2 ላይ ያለውን ሩክ በልቶ ይለዋወጣል፤ ከዚያም ሁለተኛውን ሩክ ከc8 ወደ a8 ያመጣዋል። በዚህ ጊዜ ነጩ አምዱን ወይ ይለቅለታል ወይ ሁለተኛውንም ሩክ ይለውጣል። ሩኮቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ የነጩ የቦታ ብልጫ እንዳለ ቢሆንም፣ ጥቁሩ የሚጠብቀው ንጉሡን ብቻ ስለሚሆን መተንፈስ ይችላል።

ነጩ በa አምድ ላይ ሩኮቹን አከታትሎ ለማቆም ቢፈልግ እንኳ ችግር አለበት። የe1 ሩክ ወደ a1 የሚሄድበትን መንገድ የራሱ የb1 ቢሾፕ ዘግቶበታል። ቢሾፑን ወደ c2 ቢያነሣው ደግሞ በንግሥቱና በa2 ሩክ መካከል ይገባል፤ ሩኩ ጠባቂ ያጣና ጥቁሩ በነጻ ይበላዋል። ይህን ችግር ያላየ ተጫዋች የካርፖቭን 24ኛ እርምጃ ትርጉም ሊረዳው አይችልም።

ካርፖቭ የe3 ቢሾፑን ወደ a7 አስገባው፤ በጥቁሩ ሩክ አፍንጫ ሥር ማለት ነው። a2 ላይ ያለው ሩክ ስለሚጠብቀው፣ ጥቁሩ ቢበላው ሩክ ሰጥቶ ቢሾፕ ብቻ ይወስዳል። ቢሾፑ አምዱን እንደ መዝጊያ ዘጋው፤ የሩክ ልውውጡም በዚያው ቆመ። ከመዝጊያው ኋላ ደግሞ ነጩ የፈለገውን ማድረግ ቻለ፤ በ25ኛው እርምጃ ሌላው ቢሾፕ ያለ ስጋት ወደ c2 ሄደ፣ በ26ኛው ሩኩ ወደ a1 መጣ። ከዚህ በኋላ አምዱን መቼ እንደሚከፍት የሚወስነው ነጩ ብቻ ነው፤ ቢሾፑ ከa7 በተነሣበት ቅጽበት ሁለት ተከታታይ ሩኮች ወደ a8 ያያሉ። ጥቁሩ ይህን እየፈራ ሩኮቹን ከቦታቸው ማንሣት አልቻለም። ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ብትከተሉት የa8 እና የc8 ሩኮች ከ24ኛው እርምጃ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልተንቀሳቀሱ ታያላችሁ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው።

ካርፖቭ ወደ ራሱ ዕቅድ የተመለሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሳይቸኩልም ነው። ፈረሱ በ29ኛው እርምጃ ወደ h2 ሄደ፣ በ30ኛው የf ወታደር ወደ f4፣ በ31ኛው ወደ f5 ተገፋ። ኡንዚከር ወታደሮቹን f6 እና g5 ላይ፣ በኋላም h6 ላይ አቁሞ በሩን ዘጋ። ነገር ግን g6 እና h5ን የሚጠብቅ ወታደር ከዚያ ወዲያ አልነበረውም፤ ነጫጭ ካሬዎቹን የሚጠብቅለት ቢሾፑ ነበር። ስለዚህ ካርፖቭ የራሱን የነጭ ካሬ ቢሾፕ በc2 እና በd1 አዙሮ h5 ላይ አቀረበው፣ በ41ኛው እርምጃም f7 ላይ ተለዋወጠው። ንግሥቲቱ መጀመሪያ h5፣ ቀጥሎ g6 ላይ ገባች። ጥቁሩ በዚህ ሁሉ መካከል ንጉሡን በf8 እና በg8 መካከል ከማመላለስ የተሻለ ሥራ አልነበረውም፤ ሊረዱት ይችሉ የነበሩት ሩኮች በሌላው የሰሌዳ ጫፍ ታስረዋልና። በ44ኛው እርምጃ የነጩ ፈረስ h5 ላይ ሲደርስ ኡንዚከር እጁን ሰጠ። የa7ው ቢሾፕ ያን ጊዜም a7 ላይ ነበር።

በዚህ የመጨረሻ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። ከእናንተ ብዙዎቹ a7 ላይ መግባቱን ብታገኙት እንኳ፣ ከስድስትና ከሰባት እርምጃ በኋላ ቢሾፑ ሥራ እንደፈታ ቆጥራችሁ ወደ ጥቃቱ ልታመጡት ትፈልጋላችሁ። አንድን ዕቅድ ለማስቆም ያቆማችሁትን ጓድ ከማንሣታችሁ በፊት ያ ዕቅድ አሁንም በሕይወት መኖሩን መርምሩ። ካርፖቭ አምዱን ያለጊዜው ቢከፍተው ኖሮ፣ ለሃያ እርምጃ የከለከለውን ልውውጥ በገዛ እጁ ለተጋጣሚው ይሰጠው ነበር።

ሌላው ስሕተት ደግሞ ያልነበረን ዕቅድ ማስቆም ነው። በዚሁ ጨዋታ ነጩ በ9ኛው እርምጃ የh ወታደሩን ወደ h3 ገፍቶ ነበር፤ ምክንያቱም ወደ d4 ከመግፋቱ በፊት የጥቁሩ ቢሾፕ g4 ላይ ገብቶ የf3ን ፈረስ እንዳያስርበት ነው። እዚያ ሥራው ግልጽ ነበር። ይህንኑ እርምጃ ከልማድ የተነሣ በማንኛውም መክፈቻ የምትጫወቱ ግን ብዙ ናችሁ። ሁለቱ ንጉሦች በተለያየ ጎን ካስሊንግ ባደረጉበት ጨዋታ፣ የእናንተ ንጉሥ g1 ላይ ካለ፣ h3 ላይ ያለው ወታደር ጥቁሩ በg ወታደሩ መጥቶ መሥመር የሚከፍትበት መያዣ ይሆነዋል። በዚያ ላይ እንዲህ ባለው እሽቅድምድም አንድ እርምጃ ማባከን ጨዋታውን ሊያሳጣ ይችላል። መከላከያ እርምጃ ከመጫወታችሁ በፊት ተጋጣሚያችሁ ይህን ዕቅድ ሲያጣ ሁለተኛ ምርጫው ምን እንደሆነ እዩ። ሁለተኛው ምርጫ ከመጀመሪያው እኩል የሚጠቅመው ከሆነ፣ እርምጃችሁ ለውጥ አላመጣም። ኡንዚከር ግን ከa አምድ በቀር የሚጠጋበት አልነበረውም፤ የካርፖቭ እርምጃ ክብደት ያገኘውም ከዚህ ነው።

ይህንን ምርመራ በየእርምጃው አድርጉ ብዬ አላስጨንቃችሁም፤ ሰዓታችሁ አይበቃም። የወታደሮች አቀማመጥ በተለወጠ ጊዜ፣ ጓዶች በተለዋወጡ ጊዜ፣ እንዲሁም የሚያስገድድ እርምጃ በሁለቱም ወገን በማይታይበት ጊዜ ቆም በሉ። በዚህ ጨዋታ ያ ጊዜ የደረሰው ጥቁሩ በ22ኛው እርምጃ የc ወታደሩን ወደ c4 ገፍቶ መሐሉን በዘጋ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የa አምድ ብቻውን ቀረ።

አሁን ከላይ የደረደርኩትን አቀማመጥ ይዛችሁ ከአንድ ጓደኛችሁ ጋር ሁለት ጊዜ ተጫወቱት። በመጀመሪያው ነጩ በ24ኛው እርምጃ ፈረሱን ወደ h2 ይውሰድ፣ ጥቁሩም ወዲያው a2 ላይ ይለዋወጥና ሁለተኛውን ሩክ ወደ a8 ያምጣ። በሁለተኛው ነጩ ቢሾፑን a7 ላይ ያግባ። በሁለቱም ጊዜ ነጩ f5 ላይ ሲደርስ ቁሙና የጥቁሩ ሩኮች የት እንዳሉ፣ የትኞቹስ መንቀሳቀስ እንደሚችሉ በወረቀት ጽፋችሁ አመጡልኝ።