ሰርቭ ስላስቸገረህ ብቻ ፒምፕልስ አውት እንዳትገዛ

«ሰላም ቤተሰብ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ እስካሁን በተዘጋጀ ራኬት ነው የምጫወተው፤ አሁን ላስቲኩን ለብቻ ልገዛ ነው። ስፒን ያለው ሰርቭ መመለስ አቅቶኛል። ጓደኛዬ ‹ለባክሃንድህ ፒምፕልስ አውት አድርግ፣ ትገላገላለህ› አለኝ። ምን ትላላችሁ?»

ወንድሜ፣ እኔም የዛሬ አራት ዓመት ይህንኑ ምክር ሰምቼ ስምንት ወር አቃጥያለሁ። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት ይቺን አንብብ።

1. «ፒምፕልስ አውት» ብቻ ብለህ አትዘዝ። ኢን የሚባለው አሁን ራኬትህ ላይ ያለው ነው፤ ፒምፕሉ፣ ማለትም የላስቲኩ ጉብ ጉብ፣ ወደ ስፖንጁ ዞሮ ለስላሳው ፊት ወደ ውጭ የሆነው። አውት ግን በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ፀባዮች ናቸው። አጭሩ ፒምፕል ደንዳና ስለሆነ አይተኛም። ኳሷን የሚነካው በጫፎቹ ብቻ ስለሆነ አጥብቆ አይዛትም፤ ቶሎ ትወጣለች፣ የባላጋራህም ስፒን ብዙ አይረብሽህም። ዋጋው ግን ያንተም ስፒን መቀነሱ ነው። ስፒን የሌላት ፈጣን ኳስ መረቡን ካለፈች በኋላ ወደ ጠረጴዛው አትታጠፍም፤ ስለዚህ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመህ ኳሷ ገና ስትነሳ ጠፍጣፋ አድርገህ መምታት አለብህ። ጃፓናዊቷ ሚማ ኢቶ በባክሃንዷ የምታደርገው ይህንን ነው። ረጅሙ ፒምፕል ደግሞ ቀጭንና ተጣጣፊ ነው፤ ኳሷ ስትነካው ይተኛል።

2. ሁለቱን በአውራ ጣት ለያቸው። ገፋ ስታደርገው ቀጥ ብሎ የሚቆመው አጭሩ ነው፣ እንደ ብሩሽ የሚተኛው ረጅሙ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከዱባይ ለምትመጣ የአክስቴ ልጅ «ፒምፕልስ አውት፣ ቀይ» ብዬ ጻፍኩላት፤ ሻጩ የሰጣትን ይዛ መጣች። ያመጣችልኝ ረጅም፣ ያውም ስፖንጅ የሌለው ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ንጉሥ ሆኜ ነበር! ወጣት ማዕከሉ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያሸንፉኝ ልጆች ቶፕ ስፒን፣ ማለትም ወደ ፊት የምትሽከረከር ኳስ፣ ይመቱብኛል፣ እኔ ራኬቱን አቁሜ ብቻ እነካለሁ፣ እነሱ ደግመው ሲመቱ መረብ ላይ ይጥሏታል። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ለስላሳው ላስቲክ ኳሷን ይዞ ሽክርክሯን ይገለብጠዋል፤ ረጅሙ ፒምፕል ግን ተኝቶ ስለሚያንሸራትታት በነበረችበት አቅጣጫ መሽከርከሯን ትቀጥላለች። አቅጣጫ ቀይራ ወደ መጣችበት ስትመለስ ያው ሽክርክር ለመቺው ባክ ስፒን፣ ማለትም ወደ ኋላ የሚሽከረከር፣ ይሆንበታል። እኔ ምንም አልሠራሁም፤ የራሱን ስፒን ነው የመለስኩለት።

ከዚያ አንድ ጋሼ መጡ። ሰርቫቸው ቀርፋፋ፣ ስፒን የሌለው። ስገፋት ኳሷ ባዶዋን ተንሳፋ ከፍ ትላለች፣ እሳቸው ስማሽ። ከባድ ባክ ስፒን ሲሰጡኝም እንደለመድኩት ስገፋት፣ ሽክርክሩ ስለማይገለበጥ ቀለል ያለ ቶፕ ስፒን ሆና ትደርሳቸዋለች፤ እሱንም ስማሽ። 11 ለ 3 ወጣሁ። «ልጄ፣ ራኬትህ የሚሠራው እኔ በሰጠሁህ ነው፤ ምንም ካልሰጠሁህስ?» አሉኝ። ትንሽ ተናደድኩ፣ ግን እውነታቸውን ነው። ረጅሙ ፒምፕል ኮንትሮል ይሰጣል የሚሉት ነገር ብሎክ ላይ እውነት ነው፤ ራስህ ጨዋታ ልጀምር ስትል ግን ስፒን የምታወጣበት የለህም።

ትልቁ ኪሳራ ግን ገንዘቡ አይደለም። ሰርቭ ማንበብ አልተማርኩም። ወደ ለስላሳው ስመለስ ልክ እንደ ጀማሪ ባክ ስፒን መረብ ላይ፣ ቶፕ ስፒን ጣራ ላይ። ሌላ ስድስት ወር።

3. ቀለም። ይሄን የምጽፈው አሁንም ስለሚያናድደኝ ነው። ፎርሃንዴም ቀይ ነበር፤ ለውድድር ልመዘገብ ስሄድ አንዱ ኃላፊ ራኬቴን ሁለት ጣቱ መሃል ይዞ ሰው ፊት «ይሄ ለቤት መጫወቻ ነው» ብሎ ወረወረልኝ። በጨዋ ቋንቋ ማስረዳት ይችል ነበር! ሕጉ ግን ትክክል ነው፦ አንዱ ፊት ጥቁር፣ ሌላው ደማቅ ቀለም መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ከቀይ ሌላ ሮዝ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ሰማያዊም ተፈቅዷል። ሁለቱ ፊት አንድ ቀለም ከሆነ ባላጋራህ በየትኛው እንደመታህ አያውቅም፤ በተለይ አንዱ ረጅም ፒምፕል ከሆነ።

እና አንተ? ሁለቱንም ፊት ለስላሳ አድርግ፣ ስፖንጁ 1.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። ወፍራሙ ፈጣን ነው፣ ግን ሰርቭ ስትመልስ ኳሷን ከጠረጴዛ ውጭ ይጥልብሃል። ከዚያ አንድ ጓደኛህ ባክ ስፒን ብቻ ሃምሳ ሰርቭ ይስጥህ፤ መረብ ከገባች ራኬቱን ትንሽ ወደ ላይ ክፈት፣ ከፍ ካለች መልሰህ ዝጋ። ከስድስት ወር በኋላም ባክሃንድህ ጠፍጣፋ ምት የሚወድ ከሆነ አጭሩን ሞክር፤ አውራ ጣትህን ግን አትርሳ። የኔ ረጅሙ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ልዩነቱን በእጅህ ልታየው ከፈለግህ እሰጥሃለሁ፣ መመለስም አይጠበቅብህም።