መልስ፦ ያልተጻፈ የጥንት ቃል ድምፅ እንዴት ይታወቃል?

«ማንም ጽፎ ያላቆየውን የጥንት ቃል አነጋገር እንዴት ማወቅ ይቻላል? ግምት አይደለም ወይ?»

መነሻው የአንድ ቃል መመሳሰል ሳይሆን፣ ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ በወጡት በሴማዊ ቋንቋዎች መካከል በብዙ ቃላት የሚደጋገም የድምፆች ዝምድና ነው። «ስምንት» በግእዝ ሰማኒ፣ በዕብራይስጥ ሽሞኔ፣ በአራማይክ ትማንያ ሲሆን፣ በዐረብኛ ቃሉ የሚጀምረው ምላስን በጥርሶች መካከል አድርጎ በሚነገር ድምፅ ነው። በሬ ማለት የሆነው የግእዙ ሶር፣ የዕብራይስጡ ሾር፣ የአራማይኩ ታውራም ይህንኑ ሥርዓት ይከተላል፤ የዐረብኛ አቻውም የሚጀምረው በዚያው ድምፅ ነው።

ታዲያ የጥንቱ ድምፅ «ት» ነበር እንዳንል፣ «ዘጠኝ» በአራቱም ቋንቋዎች በ«ት» ይጀምራል። «ሽ» ነበር እንዳንልም፣ «ስም» በዕብራይስጥ ሼም፣ በአራማይክ ሽማ ነው፤ «ሽ» በአራማይክ ወደ «ት» አልተለወጠም ማለት ነው። ግእዝና ዕብራይስጥ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ፣ ሁለት ድምፆችን አንድ ስላደረጉ፣ ልዩነቱን የሚያሳዩን ዐረብኛና አራማይክ ናቸው። ስለዚህ ሦስተኛ ድምፅ መኖሩን እንቀበላለን፤ ዐረብኛ ጠብቆት የቆየው የጥርስ መካከል ድምፅ ወደ «ስ»ም ወደ «ሽ»ም ወደ «ት»ም በቀላሉ ሊለወጥ ስለሚችል እርሱን እንመርጣለን።

ግምት ብቻ ላለመሆኑ ጥሩ ምስክር ከ1929 ጀምሮ በቁፋሮ የተገኙት፣ በዛሬዋ ሶርያ የነበረችው የጥንት ከተማ የኡጋሪት ጽሑፎች ናቸው፤ ለሦስቱም ድምፆች የተለያዩ ፊደላት አሏቸው። እርግጥ ነው፣ በውሰት የገባ ቃል ሥርዓቱን ስለሚያፋልስ አስቀድሞ መለየት አለበት። አናባቢዎችን መልሶ መገንባት ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያከራክራል።