መልስ፦ አንድ ውድ ጫማ ወይስ ሦስት ርካሽ?

«ባሕር ዳር ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ። በ6,000 ብር አንድ ጥሩ የቆዳ ጫማ ልግዛ ወይስ ሦስት ርካሽ ገዝቼ ላቀያይር?»

ወንድሜ፣ በሒሳብ ብቻ ከሄድን ውዱ ያሸንፋል፣ ሶሉ የተሰፋ ከሆነ። 300 ቀን አደረግከው እንበል፤ ለቀን 20 ብር ነው። በ800 ብር ሶል አስቀይረህ ሌላ 300 ቀን ካደረግከው ወደ 11 ብር ይወርዳል። የርካሾቹ ሶል ግን ብዙውን ጊዜ በማስቲሽ የተጣበቀ ነው። እያንዳንዳቸው 80 ቀን ቢቆዩ ለቀን 25 ብር አወጣህ።

ችግሩ እግርህ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ጫማ ውስጥ የዋለ እግር ያልበዋል። ላቡን የውስጥ ሶሉና ቆዳው ይመጥጡታል። በክረምት፣ በተለይ ሐይቁ አጠገብ፣ ያ እርጥበት በአንድ ሌሊት አይደርቅም። እርጥቡን መልሰህ ስታደርገው በጣቶችህ መሃል ፈንገስ ይመቸዋል፤ ጫማውም ቶሎ ያረጃል። የ300 ቀኑ ሒሳብም የሚሠራው ጫማው ቀን እየዘለለ ካረፈ ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን ሶላቸው የተሰፋ ሁለት የ3,000 ብር ጫማ ፈልጌ በየቀኑ አቀያይር ነበር። ስትገዛ የተረከዙን ጀርባ በአውራ ጣትህ ጫን፤ ከተጨማደደ ተወው። ከዚያ እጠፈው። ጣቶችህ በሚታጠፉበት በኩል ሳይሆን መሃሉ ላይ ከታጠፈ፣ ለቆመ ሰው አይሆንም። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ወደ ማታ ለካው።